ጥለቱን የሸመነው ማን ነው? በኤአይ የተሠራ የምርት ምስልና የአንድ ቀሚስ ጉዳይ

ጉዳዩ የተነሳው ከሽሮ ሜዳ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ በተላከ አንድ የሐበሻ ቀሚስ ነው። ገዢዋ ለእህቷ መልስ የምትለብሰውን ቀሚስ ቴሌግራም ላይ አይታ ወደደችው። ልኳን ላከች፣ ሙሉ ክፍያውንም ፈጸመች። ቀሚሱ ሲደርሳት ግን ፎቶ አነሳችውና ከሱቁ ምስል ጎን አድርጋ መልሳ ላከች። ከሥሩ የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ያዘዝኩት አይደለም።»

እኔ ለትንንሽ ሱቆች የዕቃ ፎቶ አነሳለሁ፣ አስተካክላለሁ። ባለሱቋ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እስቲ መጥተህ እየው። የላክነው ራሱን ቀሚሱን ነው። ምኑ ነው የተለየባት?» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ የተላከው ራሱ ቀሚሱ ነው። የተለየው ምስሉ ነው። የወንድማቸው ልጅ ቀሚሱን ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ በስልኩ አንስቶታል። ከዚያ ፎቶውን ለአንድ የኤአይ ምስል መሥሪያ ሰጥቶ፣ አንዲት ቆንጆ ሴት ለብሳው ደረጃ ላይ እንድትቆም አድርጎታል። ልጁ ማንንም ለማታለል አላሰበም። በስልክ ስክሪን መጠን ሲያየው ያው ቀሚስ መሰለው፣ ለጠፈው። ባለሱቋም አይተው ወደዱት። እንዲህ ዓይነት ነገር ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው በክፋት ሳይሆን፣ ምስሉን አጉልቶ ያየው ሰው ባለመኖሩ ነው።

ጎን ለጎን ሲታይ

ሁለቱን ምስሎች ኮምፒውተር ላይ በአንድ ቁመት አስቀመጥኳቸው። ቀሚሱ 140 ሴንቲሜትር ነው። በሁለቱም ምስል ላይ ከትከሻ እስከ ጫፍ 1000 ፒክስል እንዲሆን አደረግኩት። አንድ ሴንቲሜትር ወደ 7 ፒክስል ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ የታችኛውን ጥለት ለካሁ። በእውነተኛው ፎቶ ላይ 86 ፒክስል አካባቢ ወጣ፣ ማለትም 12 ሴንቲሜትር። ቀሚሱን ራሱን በሜትር ስንለካውም ያው 12 ነው። በኤአይ ምስሉ ላይ ግን ጥለቱ 143 ፒክስል ሆነ። 20 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ገዢዋ «ያዘዝኩት አይደለም» ስትል የዓይን ስህተት አልነበረም።

ስፋቱ ቀላሉ ነው። የባሰው ከጨርቁ ነው የመጣው። ቀሚሱ ፈትል ነው፤ በእጅ ከተፈተለ ጥጥ የተሸመነ፣ ነጭነቱ ትንሽ ወደ ክሬም የሚያደላ፣ ሲነካ ሸከር የሚል፣ ሲለበስ ከሰውነት ራቅ ብሎ የሚቆም። ምስሉ ላይ ያለው ግን ስስ፣ የሚያንጸባርቅ፣ እንደ ሽፎን ከሰውነት ጋር የሚወርድ ጨርቅ ነው። ገዢዋ የፈለገችው ያንን ነው። ብዙ ሻጮች እዚህ ላይ «እኛ እኮ የተሻለ ነው የላክንላት፣ ፈትል ይወደዳል» ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ አያስኬድም። ሴትየዋ በክረምት ለሚሞቅ አዳራሽ ቀለል ያለ ልብስ መርጣለች፤ የደረሳት ወፍራም ነው። ሐሰተኛ ምስል ማለት ዕቃውን ከሆነው በላይ አሳምሮ ማሳየት ብቻ አይደለም። ሌላ ዕቃ ማሳየትም ነው።

ሦስተኛው፣ ምስሉ ላይ ወገቧ በመቀነት ታስሯል፣ ትከሻዋ ላይም ተመሳሳይ ጥለት ያለው ነጠላ ጣል ተደርጓል። በዋጋው ውስጥ ሁለቱም የሉም። መሥሪያው «ሐበሻ ቀሚስ» ሲባል ከብዙ ፎቶ የለመደውን ጨመረ፣ አለቀ።

ከዚያ ባለሱቋ ሸማኔውን ጠሩት። ከጋሞ አካባቢ የመጡ ሸማኔዎች ሽሮ ሜዳ ላይ ብዙ ናቸው፤ ይህም አንዱ ነው። ምስሉን አጉልቼ ሰጠሁት። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብሎ አየውና «ይሄ ጥለት አይደለም፣ ጥልፍ ነው። እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር አልሸመንኩም» አለ። ጣቱን ያሳረፈው በጥለቱ ላይ ካለው መስቀል ጫፍ በሚገኝ አንድ ክብ መስመር ላይ ነበር።

ይህንን ነጥብ ምስል የሚያስተካክል ሰው ሁሉ ቢይዘው ጥሩ ነው። ጥለት ከጨርቁ ጋር አብሮ ነው የሚሸመነው። ባለቀለሙ ክር እንደ ማግ ሆኖ በድሩ መሃል ይገባል። ስለዚህ ዘንበል ያለ መስመር ሁሉ ቀረብ ብለው ሲያዩት ደረጃ ደረጃ ነው፤ ልሙጥ ክብ አይወጣለትም። ልሙጥ ክብ፣ ከጨርቁ ከፍ ያለ ቅጠል፣ ተጠማዝዞ የሚሄድ ሐረግ ካየህ፣ በመርፌ ወይም በማሽን የተጠለፈ ነው። ገበያው ላይ በሁለቱ መካከል የዋጋም የክብርም ልዩነት አለ። ምስሉ የዚህን ሰው ድካም አንስቶ በቦታው የማሽን ሥራ አስቀምጧል። ሸማኔው ቅር ብሎት ሄደ፤ እኔም በጣም አዘንኩ።

መሥሪያው ለምን ጥለት ያበላሻል?

ብዙ ሰው «ፎቶውን እኮ ሰጥቼዋለሁ፣ ምን ይቀይራል?» ይላል። መሥሪያው ፎቶህን ቆርጦ አይለጥፍም፤ አይቶ እንደገና ይሥለዋል። ከመሣሉ በፊት ደግሞ ይጨምቀዋል። ለምሳሌ ስቴብል ዲፊውዥን የሚባለው የታወቀ ሞዴል 8 በ8 ፒክስል የሆነችን እያንዳንዷን ካሬ ወደ አንዲት ነጥብ አሳጥሮ ነው የሚሠራው። አሁን ሒሳቡን ወደ ቀሚሳችን እናምጣው። በአንድ ሴንቲሜትር 7 ፒክስል ካለን፣ አንዷ ነጥብ ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ የሆነ ጥለት ትሸፍናለች ማለት ነው። የሸማኔው መስመር ደግሞ የሁለትና የሦስት ሚሊሜትር ጉዳይ ነው። በዚያች አንዲት ነጥብ ውስጥ ቀለሙ በጅምላ ይቀራል እንጂ የክሩ አካሄድ በትክክል አይቀመጥም። መልሶ ሲዘረጋው የጎደለውን በግምት ይሞላል፤ ግምቱም ከዚህ በፊት ካያቸው ብዙ ጥለቶችና ጥልፎች የተቀላቀለ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፣ ሰው ብዙም የማያውቀው። «የሚቀየረውን ቦታ በማስክ ለይቼ ባክግራውንዱን ብቻ ነው የቀየርኩት» ብትልም ቀሚሱ ሊቀየር ይችላል። አንዳንድ መሥሪያዎች ማስክ ያደረግከውንም ያላደረግከውንም አንድ ላይ ጨምቀው፣ አንድ ላይ ዘርግተው ነው የሚመልሱልህ። በሩቁ ምንም አልሆነም። ቀረብ ስትል ግን ጥለቱ ልሙጥ ሆኗል። ፎቶ «አጥሩልኝ» ወይም «አጉሉልኝ» የሚሉ የስልክ መተግበሪያዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ብዙዎቹ ያልነበረ ክር ፈጥረው ይጨምራሉ። ባለሱቆች እነሱን ኤአይ አይሏቸውም። ውጤቱ ግን ያው ነው።

እንዴት ይታወቃል? አንድ ቀለም ምረጥና ከጥለቱ ዳር እስከ ዳር በዓይንህ ተከተለው። የተሸመነ ክር የጨርቁ እጥፋት ውስጥ ገብቶ በሌላ በኩል በቦታው ይወጣል። በኤአይ የተሠራው ግን እጥፋቱ ጋ ሲደርስ ይቀልጣል፣ በወዲያኛው በኩል ሌላ ቅርጽ ሆኖ ይመጣል። በእኛ ምስል ላይ በግራ በኩል ሦስት ረድፍ የነበረው ጥለት በቀኝ በኩል አራት ሆኖ ነበር።

የቱ ይፈቀዳል፣ የቱ አይፈቀድም?

ባለሱቋ የጠየቁኝ ጥያቄ ቀጥተኛ ነበር። «ታዲያ ኤአይ ጨርሶ አንጠቀም ነው የምትለኝ? ሞዴል ለመቅጠር አቅም የለኝም። የእህቴ ልጆች ደግሞ ፊታቸው ኢንተርኔት ላይ እንዲወጣ አይፈልጉም።»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የድሮ መልስም አለው። አሜሪካ ውስጥ ራፒድ ሼቭ የሚባል የመላጫ ክሬም በቴሌቪዥን ይተዋወቅ ነበር። ማስታወቂያው ክሬሙን አናጢዎች በሚጠቀሙበት ብርጭቆ ወረቀት ላይ ቀብቶ፣ ወዲያው በምላጭ ሲላጨው ያሳያል። በእርግጥ የተላጨው ግን ብርጭቆ ወረቀት አልነበረም። ግልጽ ፕላስቲክ ላይ የተነሰነሰ አሸዋ ነበር። እውነተኛው ወረቀት እንዲላጭ ለ80 ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍ ነበረበት። ኩባንያው «በቴሌቪዥን እውነተኛው ወረቀት ተራ ወረቀት ስለሚመስል ነው» ብሎ ተከራከረ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1965 ኩባንያው ተሸነፈ። የሚጠቅመን ፍርድ ቤቱ ያበጀው ልዩነት ነው። የመብራቱ ሙቀት አይስክሬም ስለሚያቀልጥ በቦታው የተፈጨ ድንች አስቀምጦ ሰዎች ሲበሉ ማሳየት አያታልልም፤ ድንቹ ለምንም ነገር ማስረጃ ሆኖ አልቀረበምና። ተመልካቹ «በዓይንህ ይኸው፣ አረጋግጥ» ተብሎ የቀረበለት ነገር ሐሰተኛ ከሆነ ግን ማታለል ነው።

ቀሚሱን በዚህ መለካት ይቻላል። ገዢዋ ምስሉ ላይ አይታ የምትወስነው ምኑን ነው? ጥለቱን፣ ጨርቁን፣ ቀለሙን፣ ርዝመቱን፣ ከምን ከምን ጋር እንደሚመጣ። እነዚህ ማስረጃዎች ናቸው፣ ከካሜራ ብቻ ነው መምጣት ያለባቸው። ደረጃው፣ ግድግዳው፣ የአበባ ማስቀመጫው ድንቹ ናቸው። ባለሱቋ ወዲያው ገባቸው። «እንግዲያው ቀሚሴን አትንኩት፣ ቤቱን እንደፈለጋችሁ ሥሩት ነው» አሉ። በትክክል።

እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። ማስረጃ የሆነው ነገር ከተቀየረ «በኤአይ የተሠራ ነው» ብሎ መጻፍ አያድንም። ገዢዋ ጽሑፉን ብታነበው እንኳ የትኛው ክር እውነት፣ የትኛው ግምት እንደሆነ የምታውቅበት መንገድ የላትም። ማሳወቅ የሚሠራው ከቀሚሱ ውጭ ላለው ነገር ነው። የተበላሸ ጥለት ያለበት ምስል ይሰረዛል እንጂ ምልክት አይለጠፍበትም። እኛም በዚህ መንገድ የተሠሩትን አሥራ ምናምን ምስሎች ከቻናሉ ሰረዝናቸው።

ሕጉም ከዚህ አይርቅም። በአገራችን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ በካሜራ ይሠራ በኤአይ ልዩነት የለውም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ያጸደቀው የኤአይ ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 50 እውነተኛ መስሎ የሚያሳስት ምስል ሰው ሠራሽ መሆኑ እንዲገለጽ ይጠይቃል። ትርጓሜው ሰውን ብቻ ሳይሆን ዕቃንና ቦታንም ይጨምራል። ፍራንክፈርት ደንበኛ ያለው የሽሮ ሜዳ ሱቅ ይህን ቢያውቅ አይከፋም።

እንዴት አስተካከልነው?

መጀመሪያ ቀሚሱን ማኒኪን ላይ አልብሰን በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ጥላ ላይ አነሳነው። ከጎኑ አንድ ነጭ ወረቀት አደረግኩ። ፎቶው ላይ ወረቀቱ ነጭ እስኪሆን ቀለሙን አስተካክዬ ወረቀቱን ቆርጬ አወጣሁ። የፈትል ክሬምነት የሚታየው ያን ጊዜ ነው፤ እንዲያው በዓይን ግምት ካስተካከልከው ወይ ቢጫ ይሆናል ወይ እንደ ወረቀት ይነጣል። ከዚያ ጥለቱን ብቻ ቀረብ ብዬ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ከሥሩ ዘርግቼ አነሳሁት። ይህቺ ፎቶ ምንም ውበት የላትም። ከሁሉም በላይ ክርክር የምትዘጋው ግን እሷ ናት።

ቀጥሎ ቀሚሱን ከፎቶው ቆርጬ በራሱ ሌየር አስቀመጥኩ። ኤአይ ከበስተኋላ ያለውን አዳራሽ ብቻ ሠራ። ሲጨርስ የካሜራውን ቀሚስ መልሼ ከላይ ጣልኩበት፣ መሥሪያው የመለሰውን ቀሚስ ሙሉ በሙሉ ሸፈንኩት። በመጨረሻ ፈተንኩት። ፎቶሾፕም ሆነ ነፃው ጂምፕ ላይ `Difference` የሚል የሌየር ሁነታ አለ። ቀለሙ የተስተካከለውን ዋና ፎቶ በዚያ ሁነታ ከላይ ስታስቀምጥ፣ ያልተቀየረ ቦታ ሁሉ ድፍን ጥቁር ይሆናል። የቀሚሱ ቅርጽ ጥቁር ካልሆነ፣ ትንሽ እንኳ ክር ክር የሚል ነገር ከታየህ፣ የሆነ ነገር ነክቶታል ማለት ነው።

ሰው የለበሰበትን ምስል ግን በዚህ መንገድ መሥራት አይቻልም። ኤአይ በሌለች ሴት ገላ ላይ ቀሚሱን ሲያለብስ እጥፋቱን እንደ አዲስ መሣል አለበት፤ እጥፋት ከተሣለ ጥለት ተሣለ። ስለዚህ ያንን ተውነው። የባለሱቋ እህት ልጅ ለበሰችውና አነሳናት፣ ፊቷንና ከኋላዋ ያለውን ቦታ ኤአይ ቀየረው። ከአንገት በታች ቀሚሱ ላይ አንድም ፒክስል አልተነካም፣ በ`Difference` አረጋግጫለሁ። ቁመቷንም ጻፍን፣ ምክንያቱም ገዢዎች ርዝመቱን የሚገምቱት ከለባሿ ነው።

ምን ብለን፣ የት ጻፍን?

አቧራ ለማጥፋት፣ ፎቶውን ለመቁረጥ፣ ባክግራውንዱን ድፍን ነጭ ለማድረግ ማንም ማስታወቅ የለበትም። ገዢዋ በዚያ ምክንያት የምትወስነው ነገር የለም። ሰው ወይም እውነተኛ የሚመስል ቦታ ሲኖር ግን እንናገራለን። ልጁ መጀመሪያ «ምስሉ ለማሳያ ብቻ ነው» የሚል ሐሳብ አመጣ። አልተቀበልኩትም። ያ አረፍተ ነገር ለሻጩ ማምለጫ ይሰጣል እንጂ ለገዢዋ ምንም አይነግራትም፤ እንዲያውም ቀሚሱንም ጭምር ጥርጣሬ ውስጥ ይከታል። የጻፍነው እንዲህ ነው፦ «ቀሚሱ በካሜራ የተነሳ ነው። የለባሿ ፊትና አዳራሹ በኤአይ የተሠሩ ናቸው። መቀነትና ነጠላ በዋጋው ውስጥ የሉም።»

የተጻፈውም ምስሉ ላይ ነው፣ ከታች በኩል በሚነበብ መጠን። ቴሌግራም ላይ ምስል ከሰው ሰው ይተላለፋል፤ አንዱ ለእህቱ ይልካል፣ እሷ ስክሪንሾት አድርጋ ለጓደኛዋ። ከሥሩ የተጻፈው መግለጫ በመጀመሪያው ስክሪንሾት ይቀራል።

ፋይሉ ውስጥም ምልክት አስገባን። ጉግል የገበያ ዝርዝሩ ላይ የሚወጡ በኤአይ የተሠሩ ምስሎች ይህን ሜታዳታ እንዲይዙ ይጠይቃል። ምስሉ በከፊል የካሜራ፣ በከፊል የኤአይ ሲሆን exiftool በሚባለው ፕሮግራም የሚገባው ትእዛዝ ይኸው፦

```
exiftool -XMP-iptcExt:DigitalSourceType="http://cv.iptc.org/newscodes/digitalsourcetype/compositeWithTrainedAlgorithmicMedia" kemis.jpg
```

ሙሉ በሙሉ በኤአይ ከተሠራ መጨረሻው `trainedAlgorithmicMedia` ይሆናል። ይህ ምልክት ለማሽን እንጂ ለሰው አይደለም። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልከው ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ስትልከው ነው የሚተርፈው። ስለዚህ በሚታየው ጽሑፍ ፈንታ ልትመካበት አትችልም።

ለሜሪላንዷ ደንበኛ ባለሱቋ ራሳቸው ደወሉላት። ይቅርታ ጠይቀው ሁለት ምርጫ ሰጧት፤ ቀሚሱን መልሰው ወስደው ገንዘቧን ሊመልሱላት፣ ወይም ስስ ጨርቅ ላይ አዲስ ሊያሠሩላት። እሷ የጥለቱን የቅርብ ፎቶ ሜትሩ ጭምር አይታ ፈትሉን ለማስቀረት ወሰነች፣ ለመልሱ ግን ሌላ ልብስ ገዛች። ከከፈለችው ላይም ባለሱቋ የተወሰነ መለሱላት።

አንድ ያልተፈታ ነገር ቀርቶናል፤ ገና ያልተሸመነ ቀሚስ። ደንበኛ «ይሄንን ጥለት በአረንጓዴ፣ እጅጌው ረጅም ሆኖ» ብላ ስታዝ፣ ፎቶ የሚነሳ ነገር የለም። እዚህ ላይ ኤአይ የሚያወጣው ሥዕል ይጠቅማል፣ ግን ማስረጃ የሚሆን ምንም ነገር የለበትም። ለጊዜው ሥዕሉ ለብቻው እንዳይላክ ተስማምተናል። ፎቶ እንዳይመስል ሆን ብለን በእርሳስ እንደተሣለ አድርገን እናወጣዋለን። ከእሱ ጋር የአረንጓዴው ክር ልቃቂትና ሸማኔው ከዚህ በፊት የሠራው የዚያው ጥለት ቁራጭ በካሜራ ተነስተው አብረው ይሄዳሉ። ሸማኔው የመጀመሪያውን ስንዝር ሲጨርስ ደግሞ ሜትር ዘርግቶበት ፎቶ ይልካል፤ ደንበኛዋ «ይቀጥል» እስክትል እጁን ይሰበስባል። ሥራው በዚህ ይዘገያል፣ እሱም አልተደሰተበትም። ሌላ መንገድ ያገኘ ቢኖር መስማት እፈልጋለሁ።